ሦስት ቁጥር የሆነ ዛፍ

አምስት መንደሮች ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተሰጥቷቸው በአራት መንገዶች ብቻ ሁሉም ቢገናኙ፣ ሒሳብ ይህን «ዛፍ» ይለዋል። ስንት የተለያየ ዛፍ ይወጣል? 125።

ምክንያቱን በቀላሉ ያሳየው ጀርመናዊው ሃይንዝ ፕሩፈር በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መንገድ ብቻ ካላቸው መንደሮች ትንሹ ቁጥር ይነቀላል፤ የጎረቤቱ ቁጥር ይጻፋል። ሁለት መንደር እስኪቀር ይደገማል። 1 እና 2 ከ4፣ 4 ከ3፣ 3 ከ5 ጋር ቢገናኙ፣ 1 ሲነቀል 4፣ 2 ሲነቀል 4፣ 4 ሲነቀል 3 ይጻፋል፦ «4፣ 4፣ 3»።

መመለስም ይቻላል። በዝርዝሩ ከሌሉት ትንሹ 1 ከመጀመሪያው 4 ጋር ተያይዞ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ቀጥሎ 2 ከ4፣ ከዝርዝሩ የወጣው 4 ደግሞ ከ3 ይያያዛል። የተረፉት 3 እና 5 ይገናኛሉ።

ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ዝርዝርም አንድ ዛፍ አለ። ሦስቱ ቦታዎች አምስት አምስት ምርጫ ስላላቸው 5 × 5 × 5 = 125 ይሆናል። ለ10 መንደሮች ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ይደርሳል።