ድንጋይ ከመደርደር በፊት ቦረቦሩን መለካት

በየበጋው የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር ሰው ወደ ቦረቦር የሚወርደው ዶማ፣ አካፋና ድንጋይ ይዞ ነው። ሜትርና ገመድ ይዞ የሚወርደው ጥቂት ነው። ኒሰንና ባልደረቦቹ በትግራይ ወደ 400 የሚጠጉ የድንጋይ ክትሮችን ተከታትለው በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 39 ከመቶ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ፈርሰው ተገኝተዋል። ለመፍረሳቸው ዋናው ምክንያት የጎርፉ ጉልበት ነበር፤ ይህ ጉልበት ደግሞ የሚወሰነው ወደ ቦረቦሩ በሚያፈስሰው መሬት ስፋትና በተዳፋቱ መጠን ነው። ሁለቱም አስቀድመው ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሜትር ገመድ፣ አንድ ረጅም እንጨት፣ ችካልና የውሃ ልክ ይበቃሉ። በመጀመሪያ የቦረቦሩ ርዝመት ከአናቱ እስከ ግርጌው ይለካል። ከዚያም ቅርጹ በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ቦረቦሩን አቋርጦ የላይኛው ስፋት፣ የታችኛው ስፋትና ጥልቀቱ ይወሰዳል። ሁለቱ ስፋቶች ተደምረው ለሁለት ይከፈሉና በጥልቀቱ ሲባዙ የዚያ ቦታ የመስቀለኛ ስፋት ይገኛል።

60 ሜትር የሚረዝም አንድ ቦረቦር እንውሰድና በየ20 ሜትሩ እንለካው። አናቱ ላይ ከላይ 5 ሜትር፣ ከታች 3 ሜትር ሰፍቶ 2 ሜትር ቢጠልቅ፣ ስፋቱ 8 ሜትር ካሬ ነው። በ20ኛው ሜትር ላይ 10፣ በ40ኛው 6፣ ግርጌው ላይ 2 ሜትር ካሬ አገኘን እንበል። አሁን በሁለት ጎረቤት ልኬቶች መካከል ያለው አማካይ በ20 ሜትር ይባዛል። የመጀመሪያው ክፍል 180፣ ሁለተኛው 160፣ ሦስተኛው 80 ይሆናል፤ ድምሩ 420 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ይህን አፈር ለመጫን 26 ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት።

ይህ ቁጥር የሚጠቅመው የጠፋውን አፈር ለማወቅ ብቻ አይደለም። በአናቱ ዙሪያና በየልኬቱ ቦታ ከጠርዙ ራቅ ተደርጎ ችካል ከተተከለ፣ ከክረምቱ በኋላ ከዚያው ችካል እንደገና ይለካል። አናቱ ወደ ማሳው ምን ያህል እንደገፋ፣ ግድግዳው የት እንደተናደ፣ ወለሉ የት እንደጠለቀ ያኔ ይለያል። ሥራው የሚበረታው በየት በኩል እንደሆነ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚለካው የወለሉ ተዳፋት ነው። በምሳሌያችን ወለሉ ከአናት እስከ ግርጌ በ60 ሜትር ውስጥ 3.6 ሜትር ቢወርድ፣ ተዳፋቱ 6 ከመቶ ነው። የክትሮቹ ርቀት የሚወጣው ከዚህ ነው። በአገራችን የተፋሰስ መመሪያ የተለመደው ስሌት የክትሩን ከፍታ በ1.2 አባዝቶ ለተዳፋቱ ማካፈል ነው። ውሃው በሚያልፍበት ቦታ 1 ሜትር ከፍታ ላለው ክትር 1.2 ለ0.06 ሲካፈል 20 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ለዚህ ቦረቦር ሦስት ክትር ይበቃዋል። 1.2 የገባው ከክትሩ ጀርባ የሚከማቸው ደለል ፍጹም ሜዳ ሆኖ ስለማይተኛ ነው፤ ወደ ላይኛው ክትር በኩል ጥቂት ከፍ እያለ ይሄዳል። የታችኛው ክትር ደለል የላይኛውን ክትር እግር መድረስ አለበት። ካልደረሰ በመካከል የሚቀረው ባዶ ወለል መቆፈሩን ይቀጥላል፤ ውሎ አድሮም የላይኛውን ክትር ከሥሩ ይነቅለዋል።

የክትሩ ቅርጽም ከርቀቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክትር የሚሠራው ጎርፉን ሊያቆም አይደለም፤ ፍጥነቱን አብርዶ፣ አፈሩን አስቀርቶ፣ ውሃውን በመሐል ሊያሳልፍ ነው። ስለዚህ መሐሉ ከሁለቱ ክንፎች ዝቅ ብሎ የውሃ ማስተንፈሻ ይሆናል። የማስተንፈሻው መጠን የሚገመተው በግድግዳው ላይ ከቀረው የጎርፍ ምልክትና አካባቢውን ከሚያውቁ አዛውንቶች ቃል ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ክትር ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ጎርፉም ግድግዳውን በልቶ በዳር ያልፋል። ይህ እንዳይሆን ክንፎቹ በሁለቱም ወገን ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ድረስ ወደ ግድግዳው ተቆፍረው ይገባሉ። መሠረቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈራል። ውሃው ከማስተንፈሻው ወድቆ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ የድንጋይ ንጣፍ ይነጠፋል፤ ያለዚህ ንጣፍ የሚወድቀው ውሃ ጉድጓድ ቆፍሮ ክትሩን ወደ ፊት ይጥለዋል።

የድንጋዩም መጠን ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል። በ40ኛው ሜትር አካባቢ የሚሠራው ክትር ክንፉ 1.5 ሜትር ከፍ ቢል፣ ከግርጌው 2 ሜትር ከጫፉ 80 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ መሠረቱና ወደ ግድግዳው የሚገባው ሲጨመር ወደ 12 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈልጋል። ያን ያህል ድንጋይ በቅርብ ከሌለ የሰው ጉልበት ከማለቁ በፊት እቅዱን መለወጥ ይሻላል።

ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ባነሰና ጎርፉ ባልበረታበት የቦረቦር ቅርንጫፍ የጭራሮ ክትር ይበቃል። ሁለት ረድፍ እንጨት ከግማሽ ሜትር በላይ ጠልቆ ይተከላል፤ በመካከሉ ጭራሮ ተነጥፎ ይረገጣል፣ በደንብም ይታሰራል። እዚህም መሐሉ ዝቅ ይላል፣ ዳሩም ወደ ግድግዳው ይገባል። ደረቅ እንጨት በጥቂት ዓመት ስለሚበሰብስ፣ እንደ ኮርችና አኻያ በቁራጭ የሚበቅል ግንድ ቢተከል እንጨቱ ሲያረጅ ሥሩ ቦታውን ይይዛል። ደለሉ ላይ የዝሆን ሣር ወይም ሰስባኒያ የሚተከለውም ለዚሁ ነው።

ክትር ብቻውን የማይችለው ቦረቦርም አለ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በሚገኘው ደብረ ማዊ የተደረገ ጥናት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ በሚቆምበት የሸለቆ ግርጌ ግድግዳው ረጥቦ በገዛ ክብደቱ እንደሚናድ አሳይቷል። ምልክቱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ግድግዳው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጠርዙን ተከትሎም ረጅም ስንጥቅ ይታያል። በእንዲህ ያለ መሬት ግድግዳውን ማስተኛት፣ ሣር ማልበስና ከብት ማራቅ ከክትሩ ጋር አብሮ ይሠራል። ጥቁር መሬት ደግሞ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ በክትሩ ሥር ወይም ጎን መንገድ ያበጃል፤ ስለዚህ ክንፉና መሠረቱ እዚህ ላይ ጠለቅ ማለት አለባቸው። በየትኛውም መሬት ቢሆን ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በእርከንና በማስቀየሻ ቦይ ካልተቀነሰ፣ ክትሩ ከታሰበው በላይ ኃይል ይጠብቀዋል።

ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በኋላ ቦረቦሩን ማየት የግድ ነው። ውሃው በማስተንፈሻው ሳይሆን በሥር ከወጣ፣ በንጣፉ ግርጌ ጉድጓድ ከታየ ወይም በክንፉ ዳር አዲስ የተቆረጠ አፈር ካለ፣ ያን ሳምንት ቢጠገን ሥራው የጥቂት ሰዎች ነው። መስከረም ሲጠባ በዚያው ችካል እንደገና ይለካል። 420 የነበረው ወደ 380 ከወረደ ቦረቦሩ መሙላት ጀምሯል፤ ደለሉ ማስተንፈሻው ድረስ በደረሰበት ቦታም ክትሩን ከፍ ለማድረግ ጊዜው ደርሷል። 450 ከሆነ ግን፣ ክትሮቹ ቆመው ቢታዩ እንኳ፣ አፈሩ በሌላ በኩል እየሄደ ስለሆነ እቅዱ እንደገና ይታያል።