አር-13 ከአር 2.5 ይበልጣል?

አንድ የቤት ባለቤት ለቆርቆሮ ጣሪያው የሙቀት መከላከያ ሊገዛ ሦስት ምርቶች ቀረቡለት እንበል። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም «ላምዳ 0.022» ይላል። አሥር ሴንቲ ሜትሩ ፋይበርግላስ «አር 2.5» ተጽፎበታል። ከአሜሪካ የመጣው ጥቅል ደግሞ በትልቁ «አር-13» ይላል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል።

ላምዳ የሙቀት አስተላላፊነት መለኪያ ነው። የሚናገረው ስለ ቁሱ ጠባይ ብቻ ስለሆነ ውፍረትን አያውቅም። ሙቀት በቀላሉ የሚያሳልፍ ቁስ ላምዳው ከፍ ይላል፤ ለመከላከያ የሚፈለገው ዝቅተኛው ነው። የፋይበርግላሱ ላምዳ 0.040 ከሆነ፣ ፎሙ በእኩል ውፍረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። እዚህ ግን ፎሙ በውፍረት ግማሽ ነው።

ውፍረቱን የሚቆጥረው አር ነው። ውፍረቱ በሜትር ተወስዶ ለላምዳ ሲካፈል ይገኛል፤ ከፍ ሲል ይሻላል። ፎሙ 0.05 ለ0.022 ሲካፈል 2.27 ይሆናል። ፋይበርግላሱ 0.10 ለ0.040 ሲካፈል 2.5 ይወጣል። የአሜሪካው አር የሚሰላው በፉትና በፋራናይት ስለሆነ ለ5.68 መካፈል አለበት፤ 13ቱ ወደ 2.29 ይወርዳል። ሦስቱም እንግዲህ ተቀራራቢ ናቸው፤ ጥቂት የሚበልጠውም ማንም ያልገመተው ፋይበርግላስ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ ከተነጠፈ ብቻ ነው። በጠባብ ቦታ ተጨፍልቆ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ፋይበርግላስ ከአሩ ትልቅ ክፍል ያጣል።

ዩ የአንድ ምርት ቁጥር አይደለም፤ የተሠራው ጣሪያ ወይም ግድግዳ በሙሉ፣ በሁለቱም ፊት ከሚያርፈው ስስ የአየር ሽፋን ጋር፣ በካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ ይናገራል። ዝቅ ሲል ይሻላል። ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ዩው 7 አካባቢ ነው። ፋይበርግላሱ ያለ ክፍተት ቢሸፍነው 0.38 ይደርሳል።

ሞራሌው ግን አለ። የእንጨት ላምዳ 0.13 አካባቢ ስለሆነ ሙቀት ከፋይበርግላሱ ይልቅ በእሱ በኩል ይሾልካል። ፋይበርግላሱ በሞራሌዎቹ መካከል ተነጥፎ እንጨቱ ከጣሪያው 15 በመቶ ቢይዝ፣ ዩ ወደ 0.49 ከፍ ይላል። ሃምሳ ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ውጭው ከውስጡ በአሥር ዲግሪ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት፣ 190 ዋት ያጣል ተብሎ የታሰበው 245 ዋት ያጣል። በማሸጊያው ላይ ያለው አር ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ላምዳውንና ውፍረቱን ይጠይቅ፤ አሩን ራሱ ያስላ። ከገጣሚው ደግሞ የተጠናቀቀውን ጣሪያ ዩ ሞራሌውን ጨምሮ ይጠይቅ።