ወርቅ አዲስ ጫፍ ሲሠራ አርኤስአይ ለምን ወደኋላ ይቀራል?

ዛሬ በራሴ ኪሳራ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2025 ላይ ወርቅ 3,674 ዶላር ነክቶ ትንሽ ተመለሰና፣ በ17ኛው ቀን 3,707 ገባ። በ4 ሰዓት ቻርት ላይ ዋጋው ከፊተኛው ጫፍ በልጧል፣ አርኤስአይ ግን ከፊተኛው ጫፉ ዝቅ ብሏል። «ዳይቨርጀንስ ነው፣ አለቀለት» ብዬ ወዲያው ሰል ገባሁ። በማግስቱ ዝቅ ሲል ደስ አለኝ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወርቅ ከ4,000 በላይ ነበር። ስቶፕ ሎሴ ባይኖር አካውንቴ አይተርፍም ነበር።

ምልክቱን በትክክል አይቻለሁ፤ ያልገባኝ ምን ማለት እንደሆነ ነው።

አርኤስአይን ዌልስ ዋይልደር በ1978 ሲያወጣው ሒሳቡ ቀላል ነበር። ባለፉት 14 ሻማዎች ዋጋው በአማካይ ስንት ወጣ፣ በአማካይስ ስንት ወረደ? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላል፣ ውጤቱን RS ይለዋል።

```
RSI = 100 - 100 / (1 + RS)
```

ለምሳሌ አማካይ ጭማሪው 24 ዶላር፣ አማካይ ቅናሹ 6 ዶላር ከሆነ RS 4 ነው፣ አርኤስአይ 80 ያሳያል። ቆይቶ ዋጋው አዲስ ጫፍ ሲሠራ ጭማሪው 18፣ ቅናሹ 9 ከሆነ RS 2 ነው፣ አርኤስአይ ወደ 67 ይወርዳል። ዋጋ ወጣ፣ አርኤስአይ ወረደ፤ ዳይቨርጀንስ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። አማካዩ በየቀኑ ሲታደስ የትናንቱ በ13 ይባዛል፣ የዛሬው ይደመርበታል፣ ከዚያ ለ14 ይካፈላል። ስለዚህ በአንድ ቀን የ70 ዶላር ውድቀት በአማካይ ቅናሹ ላይ 5 ዶላር ይጥላል፣ ከ10 ቀን በኋላም ግማሽ ያህሉ እዚያው አለ። ማለትም በሁለት ጫፎች መሃል ኃይለኛ ውድቀት ካለ፣ ሁለተኛው አርኤስአይ ዝቅ ማለቱ በከፊል የዚያ ውድቀት ትዝታ ነው። «ገዢው የሻጩን አሻራ ገና አላጠፋም» ይለናል እንጂ «ዋጋው አሁን ይወድቃል» አይለንም።

እ.ኤ.አ. 2011ን እንይ። ኦገስት 23 ወርቅ ከ1,900 በላይ ወጣና በሁለት ቀን ውስጥ እስከ 1,703 አካባቢ ተንኮታኮተ። ከዚያ ተመልሶ ሴፕቴምበር 6 ላይ 1,920 ነካ። በቀን ቻርት ላይ አርኤስአይ ከመጀመሪያው ጫፍ በግልጽ ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔም ቢሆን ዋጋው ወዲያው ገደል አልገባም፤ ወደ 1,800 ወርዶ እንደገና ተነሳ። በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው ወለል፣ ማለትም 1,703፣ የተሰበረው ሴፕቴምበር 23 ነው። ሴፕቴምበር 26 ላይ ዋጋው እስከ 1,530ዎቹ ደርሷል።

አሁን የእኔን ሰል ከዚህ ጋር አስተያዩት። በ2025ቱ ጉዳይ በ3,674 እና በ3,707 መሃል የነበረው ወለል አልተሰበረም። ዋጋው ወደዚያ ተጠግቶ ተመለሰ። ሻጩ ያንን ካላሸነፈ፣ ዳይቨርጀንሱ የደከመ ገዢ እንጂ የተሸነፈ ገዢ አላሳየም። የደከመ ሰው ደግሞ አርፎ ይነሳል።

ስለዚህ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሻማው እስኪዘጋ እጠብቃለሁ፤ አርኤስአይ በመዝጊያ ዋጋ ስለሚሰላ ባልተዘጋ ሻማ ላይ የታየ ዳይቨርጀንስ ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ በሁለቱ ጫፎች መሃል ባለው ወለል ላይ መስመር አሰምራለሁ። ዋጋው ከመስመሩ በታች ሲዘጋ ብቻ እገባለሁ፣ ስቶፕ ሎሴ ከሁለተኛው ጫፍ በላይ ይሆናል። ስቶፑ ስለሚርቅ ሎቱን አሳንሳለሁ። ታች ላይም ያው ነው፤ ዋጋው አዲስ ዝቅታ ሲሠራ አርኤስአይ ከፊተኛው ዝቅታው ከፍ ካለ፣ በመሃል ያለው ጣሪያ እስኪሰበር እጠብቃለሁ።

መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በ2011 የጠበቀ ሰው ከጫፉ ጀምሮ ያለው ከ200 ዶላር በላይ አምልጦታል። ጫፉ ላይ ዳይቨርጀንስ የያዘ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይገባል፤ ግን እንደኔ ሴፕቴምበር 2025 ላይም ይገባል። ቀድሞ ገዝቶ የያዘ ሰው ግን መስመሩን ሳይጠብቅ፣ ዳይቨርጀንሱን ሲያይ ትርፉን በከፊል መዝጋት ይችላል። እሱ አዲስ ኪሳራ አይከፍትም፣ ያለውን ነው የሚያድነው።

ዛሬ ማታ ቻርታችሁን ክፈቱና አንድ ያለፈ ዳይቨርጀንስ ፈልጉ። መሃሉ ላይ መስመሩን አስምሩ፣ ተሰብሮ ነበር ወይስ አልተሰበረም? ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።