የቴፒ ቡና ላኪ ክፍያውን ከውጭ ገዥ እንዴት ይቀበላል?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በቴፒና በዙሪያዋ ቡና የሚያለማ ባለሀብት፣ የላኪነት ፈቃድ ካለው የራሱን እርሻ ምርት በቀጥታ ለውጭ ገዥ መሸጥ ይችላል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ይህን ይፈቅዳል። ምርቱን ለአገር ውስጥ ገበያ ሲያቀርብ ክፍያ የሚቀበለው በብርና በአገር ውስጥ ባንክ ስለነበር፣ ገንዘቡ በምን መንገድ ይደርሰኛል የሚለው ብዙም አያሳስበውም ነበር። በቀጥታ ሲልክ ግን ገዥው በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው፤ ቡናው ከእጅ ከወጣ በኋላ ክፍያው ቢስተጓጎል የዓመት ምርት አብሮ ይስተጓጎላል።

አነስተኛ የቡና ቆዪ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቁት በፔይፓል ወይም በባንክ ካርድ መክፈል ይቻል እንደሆነ ነው። በኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል ሒሳብ ግን ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አያገለግልም። ስትራይፕን የመሰሉ የካርድ ክፍያ አቀባባዮችም ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቋቋመ ድርጅት ሒሳብ አይከፍቱም። ቴሌብርና የሐዋላ ድርጅቶች ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ይህ አገልግሎት ለግለሰቦች ሐዋላ የተዘጋጀ ነው። የወጪ ንግድ ክፍያ የተለየ አካሄድ አለው። ላኪው ቡናውን ከመጫኑ በፊት ከንግድ ባንኩ የወጪ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱ የሚዘጋው በውጭ ምንዛሪ የተከፈለው ገንዘብ በዚያው ባንክ በኩል ሲገባ ነው። በሌላ መንገድ የመጣ ገንዘብ ምንም እንኳ ከላኪው እጅ ቢደርስ ፈቃዱን ስለማይዘጋው፣ ላኪው በመዝገብ ላይ ገንዘቡን ወደ አገር ያላስገባ ሆኖ ይታያል፤ ለሚቀጥለው ጭነትም ፈቃድ ሊከለከል ይችላል።

ስለዚህ ለቡና ላኪ በተግባር የሚቀሩት ሦስት መንገዶች ናቸው፦ ቅድመ ክፍያ፣ በሰነድ ልውውጥ የሚፈጸም ክፍያና ሌተር ኦፍ ክሬዲት። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የጭነቱ መጠንና የሚጓዝበት መንገድ ነው።

አንድ በቴፒ አካባቢ የሚያለማ ላኪን ለአብነት እንውሰድ። አውሮፓ ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ቆዪ በመጀመሪያ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 5 ጆንያዎች፣ በጠቅላላው 300 ኪሎ ግራም፣ በኪሎ 8 ዶላር ሒሳብ በአየር እንዲላክለት ይጠይቃል። ዋጋው 2,400 ዶላር ነው። ገዥው “ሰነዱ ባንካችን ሲደርስ እንከፍላለን” ቢል ላኪው መስማማት የለበትም። ምክንያቱ የአየር ጭነት ሰነድ ከባሕር ጭነት ሰነድ በባሕርይው ስለሚለይ ነው። የአየር ጭነት ሰነድ የዕቃው ባለቤትነት መያዣ አይደለም፤ በሰነዱ ላይ ተቀባይ ተብሎ ስሙ የሰፈረ ሰው ማንነቱን አሳይቶ ዕቃውን ከአየር መንገዱ መረከብ ይችላል። ዋናው ሰነድ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥም ቡናው ሳይከፈልበት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለአነስተኛ የአየር ጭነት ተገቢው መንገድ ቅድመ ክፍያ ነው።

ቅድመ ክፍያው የሚመጣው በባንክ ለባንክ ዝውውር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የአውሮፓ ባንኮች የክፍያ ቅጽ IBAN የሚባለውን የሒሳብ መለያ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ግን ይህን መለያ አትጠቀምም። ገዥው “ቅጹ ሒሳብ ቁጥርህን አልቀበል አለኝ” ብሎ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከአውሮፓ ውስጥ ዝውውር ይልቅ ዓለም አቀፍ ዝውውር የሚለውን መርጦ፣ የተቀባይ አገር ኢትዮጵያ መሆኑን ካመለከተ በኋላ የተለመደውን የሒሳብ ቁጥርና የባንኩን የስዊፍት መለያ ማስገባት ይኖርበታል። በስዊፍት መለያ ውስጥ 5ኛውና 6ኛው ፊደል አገሩን ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መለያ CBETETAA ሲሆን በመካከሉ ET ይገኛል። ላኪው በዋጋ ማቅረቢያ ሰነዱ ላይ የሚጽፈው መለያ እነዚህን ፊደሎች መያዙን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል።

የተቀባዩ ስምም እንዲሁ ነው። በንግድ ፈቃዱ፣ በባንክ ሒሳቡና በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ያለው ስም በፊደል አጻጻፉ ጭምር አንድ መሆን አለበት። አንድ የኢትዮጵያ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚጻፍ፣ በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ታግዶ ለማጣራት የሚቆይበት ወይም ወደ ላኪው ባንክ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ሌላው የዝውውር ወጪ ነው። ገዥው በቅጹ ላይ SHA የሚለውን ከመረጠ በመካከል ያሉት ባንኮች ክፍያቸውን ከሚተላለፈው ገንዘብ ላይ ይቀንሳሉ። 25 ዶላር ቢቀነስ ላኪው ዘንድ የሚደርሰው 2,375 ዶላር ይሆናል፤ ፈቃዱ ግን የወጣው በ2,400 ነው። ልዩነቱ የባንክ ወጪ መሆኑን በዝውውር መልእክቱ ማስረዳት ቢቻልም፣ ከመጀመሪያው ገዥው OUR የሚለውን እንዲመርጥና ወጪውን እንዲሸፍን በውሉ ማስፈር የተሻለ ነው። ገዥው “ልኬያለሁ” ካለና ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ካልታየ፣ ከባንኩ የተሰጠውን የስዊፍት መልእክት ቅጂ መጠየቅ ይገባል። በቅጂው ላይ ባለው የማጣቀሻ ቁጥር የላኪው ባንክ ገንዘቡ የቆመበትን ማፈላለግ ይችላል። የስልክ ገጽ ፎቶ ግን ማስረጃ አይሆንም። ቡናው መጫን ያለበት የራሱ ባንክ ገንዘቡ መግባቱን ሲያረጋግጥለት ነው።

ቆዪው ናሙናውን ወዶ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ያዝዛል እንበል። በ20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ግራም ይጫናል። በኪሎ 6 ዶላር ቢስማሙ ዋጋው 115,200 ዶላር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ አስቀድሞ የሚከፍል አነስተኛ ገዥ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ውይይቱ ወደ ሰነድ ልውውጥ ይዞራል፤ ነጋዴው “ካድ” እያለ የሚጠራው ነው። ውሉ በኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ከተመዘገበና ባንኩ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ቡናው በጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ ይጫናል። የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ፣ ከዋጋ ሰነዱና ከሌሎች የምስክር ወረቀቶች ጋር፣ በላኪው ባንክ በኩል ወደ ገዥው ባንክ ይላካል። የገዥው ባንክ ሰነዱን ለገዥው የሚሰጠው ሲከፍል ብቻ ነው፤ ያለ ዋናው የጭነት ሰነድ ደግሞ ቡናውን ከወደብ ማውጣት አይቻልም። የላኪው ዋስትና ይህች ወረቀት ናት።

ዋስትናው የሚጸናው ግን ሰነዱ በትክክል ከተዘጋጀ ነው። የጭነት ሰነዱ በቀጥታ በገዥው ስም ከተጻፈ በአንዳንድ ወደቦች ገዥው ዋናውን ሳያቀርብ ዕቃውን ሊረከብ ይችላል። “በትእዛዝ” ተብሎ ወይም በባንኩ ትእዛዝ ሲጻፍ ግን ቁጥጥሩ በባንኩ እጅ ይቆያል። የባሕር ማጓጓዣ ማስረጃ የሚባለው ሌላው ሰነድ እንደ አየር ጭነት ሰነድ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ክፍያ አይሆንም። ዋናው የጭነት ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቅጂ ይወጣል፤ በአንዱ ብቻ ዕቃውን መውሰድ ስለሚቻል፣ ገዥው “ጊዜ ለመቆጠብ አንዱን ቅጂ በቀጥታ ላክልኝ” ቢል እሺ ማለት ቡናውን በነፃ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ላኪው ለባንኩ በሚሰጠው የመመሪያ ቅጽ ላይም ሰነዱ “በክፍያ” እንዲሰጥ እንጂ ወደፊት ለመክፈል “በመቀበል” እንዳይሰጥ በግልጽ ማመልከት አለበት።

ይህም ሆኖ በሰነድ ልውውጥ ባንኮቹ ሰነድ ያስተላልፋሉ እንጂ ክፍያውን አይዋሱም። ቡናው በባሕር ላይ ሳለ የዓለም ዋጋ ቢወርድ፣ ገዥው ሰነዱን ሳያነሳ ቆይቶ ቅናሽ ሊጠይቅ ይችላል። ኮንቴይነሩ በመዳረሻው ወደብ በቆመ ቁጥር የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ ይጨምራል፤ ሻጩ ቴፒ ሆኖ ሌላ ገዥ ለመፈለግ ይቸገራል። የዚህ ምልክቱ ቀደም ብሎ ይታያል። ሰነድ በፈጣን መልእክት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገዥው ባንክ ይደርሳል፤ መርከቡ ደግሞ ሳምንታት ይፈጅበታል። መርከቡ እስኪደርስ አለመክፈል የተለመደ ነው። መርከቡ ደርሶም ሰነዱ ካልተነሳና ገዥው ለመልእክት መልስ መስጠት ካቆመ ግን ላኪው ሳይዘገይ ባንኩ የጽሑፍ ማሳሰቢያ እንዲልክ መጠየቅና ቡናውን ለሌላ ገዥ የማዞር ዝግጅት መጀመር አለበት።

ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይህን ክፍተት ይዘጋል። የገዥው ባንክ ራሱ፣ በስምምነቱ የተዘረዘሩት ሰነዶች ሳይዛነፉ ከቀረቡ፣ እከፍላለሁ ብሎ ይገባል። ጉዳቱ ገዥው ባንኩ ዘንድ ማስያዣ ወይም የብድር ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ለ5 ጆንያ የሚሞከር ነገር አይደለም። ለላኪውም ፈተናው ሰነዱ ነው። በዓለም አቀፉ የባንኮች ወጥ ደንብ መሠረት ሰነዶቹ ጭነቱ ከተጫነ ከ21 ቀን በኋላ ቀርበው ተቀባይነት አያገኙም፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ አጭር ጊዜ ካስቀመጠም ያው ይጸናል። ባንኩ ለመመርመር እስከ 5 የሥራ ቀናት አለው። ከቴፒ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በክረምት ሊያዘገይ ስለሚችል፣ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ሲስማሙ ጥቂት ሳምንታት ማስፋት ያስፈልጋል። ቀኑ አንድ ቀን ቢያልፍ ባንኩ ከግዴታው ነፃ ይወጣል፤ ክፍያው እንደገና በገዥው ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህሉ በዶላር ይቆያል የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ፣ ለብሔራዊ ባንክ የሚደረገው አስገዳጅ የውጭ ምንዛሪ አቅርቦት ቀርቶ፣ ላኪዎች ከገቢያቸው 50 በመቶውን በውጭ ምንዛሪ ሒሳባቸው እንዲያቆዩ ተፈቅዷል። በዚህ ስሌት ከ115,200 ዶላሩ ላይ 57,600 በሒሳቡ ይቆያል፤ ቀሪው ለባንኩ በዕለቱ ምንዛሪ ተሸጦ በብር ይገባል። የምንዛሪው ዋጋ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ፣ ላኪው ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የተለያዩ ባንኮችን ዋጋና የአገልግሎት ክፍያ ማነጻጸር ይጠቅመዋል፤ ፈቃዱ አንዴ በአንድ ባንክ ከወጣ ክፍያው ወደዚያው ባንክ መግባት አለበትና።