ዋንጫው የማን ነው?

የገቢዎች ሚኒስቴር ለታማኝ ግብር ከፋዮች የፕላቲኒየም፣ የወርቅና የብር ደረጃ ዕውቅና ሲሰጥ፣ የዋንጫ ፎቶዎች በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾች ላይ ይደረደራሉ። ከፎቶዎቹ ሥር የሚነበበው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦

«በዘርፉ ቀዳሚና ተመራጭ የሆነው ድርጅታችን የወርቅ ደረጃ ሽልማት መቀዳጀቱን ስንገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማናል! ውድ ሠራተኞቻችንንና ደንበኞቻችንን እናመሰግናለን።»

ይህን የጻፈ ሰው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ተደስቷል። አንባቢው ግን «ግብር መክፈል ግዴታ አይደለም እንዴ?» ብሎ ያልፈዋል። «ቀዳሚና ተመራጭ» የሚለውን ሚኒስቴሩ አላለም፤ ድርጅቱ ለራሱ የጨመረው ነው። የወርቅ ደረጃም ብዙ ድርጅቶች በአንድነት የሚያገኙት እንጂ በዘርፉ አንደኛ መሆንን የሚመሰክር ዕውቅና አይደለም። ጉራው የገባው ሽልማቱ ከሚለው በላይ በተጨመሩት በእነዚህ ጥቂት ቃላት ነው።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የሚጠየቀው «ይህ ሽልማት የተሰጠው ለየትኛው ሥራ ነው? ሥራውንስ ማን ሠራው?» የሚል ነው። የግብር ከፋይነት ዕውቅና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ የሠራተኛውና የደንበኛው ድርሻ በደረሰኝ ላይ ጭምር ይታያልና።

አንድ የቀለም ፋብሪካ እናስብ። ቤቱን የሚያስቀባ ሰው ከፋብሪካው መሸጫ 1,000 ብር የሚያወጣ ቀለም ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታክሎበት 1,150 ብር ይከፍላል። 150ው ብር ከገዢው ኪስ የወጣ ነው። ፋብሪካው ሰብስቦ፣ ለግብዓት የከፈለውን ታክስ አቀናንሶ፣ ቀሪውን ለመንግሥት ያስገባል። ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብርም እንዲሁ በአሠሪው እጅ ያልፋል እንጂ የሠራተኛው ገንዘብ ነው። ከትርፉ ላይ የሚከፍለው ግብር ግን የራሱ የድርጅቱ ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ ምስጋናውን የት ላይ እንደሚያኖር አይቸገርም፦

«የገቢዎች ሚኒስቴር በታማኝ ግብር ከፋይነት የወርቅ ደረጃ ዕውቅና ሰጥቶናል። የታክስ ማስታወቂያውን አንድም ወር ሳያሳልፉ በጊዜው ያስገቡት የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቻችን ናቸው። የመሸጫ ሠራተኞቻችን ደረሰኝ ሳይቆርጡ ዕቃ አላስወጡም። ደንበኞቻችን፣ ደረሰኝ እየጠየቃችሁ የገዛችሁት ቀለም ታክስ በእኛ በኩል ለአገር ደርሷል። ሁላችሁም እንኳን ደስ አላችሁ።»

በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ያለውን ልዩነት ግሦቹ ይናገራሉ። የመጀመሪያው «መቀዳጀት» ብሎ ድርጅቱን ባለ ድል አደረገው። ሁለተኛው «ሰጥቶናል» ሲል ሰጪውን ከፊት አስቀደመ፤ «ያስገቡት»፣ «አላስወጡም»፣ «የገዛችሁት» ሲል ደግሞ ሥራውን ለሠሩት መለሰ። መዝጊያው «እንኳን ደስ አለን» ሳይሆን «እንኳን ደስ አላችሁ» መሆኑም ትንሽ ነገር አይደለም። በአንዲት ቃል ለውጥ ደስታው የእነሱ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለ፤ የተጻፈው እውነት መሆን አለበት። አንድ ወር የዘገየ ማስታወቂያ ካለ «አንድም ወር ሳያሳልፉ» አይባልም። ደረሰኝ ተከልክሎ የሄደ ደንበኛ ካለ ደግሞ ከጽሑፉ ሥር አስተያየቱን የሚጽፈው እሱ ነው። እውነት የሆነውን ለማወቅ ጸሐፊው የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊና ገንዘብ ተቀባይዋን «በዚህ ዓመት ከባዱ ነገር ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ምስጋናው የሚወጣው ከመልሳቸው ነው። በስም የሚጠቀስ ሰው ካለ አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ርዝመቱም ይታሰብበት። ቴሌግራም በተለመደው አጠቃቀም ከፎቶ ሥር 1,024 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ይፈቅዳል። በፌስቡክም ረዘም ያለው ጽሑፍ ታጥፎ መጀመሪያው ብቻ ይታያል። ስለዚህ ሽልማቱና ሰጪው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገሩ፤ ምስጋናው ወዲያው ይከተል።

ፎቶውም ከጽሑፉ ጋር ይስማማ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ዋንጫ ከፍ አድርጎ በቆመበት ፎቶ ሥር «የሁላችን ነው» ቢባል አንባቢው የሚያምነው ዓይኑን ነው። ዋንጫው ወደ ፋብሪካው ተወስዶ የሒሳብ ሠራተኞቹና ገንዘብ ተቀባይዋ ይዘውት ቢነሱ ግን ጽሑፉ ግማሽ ሥራው ተቃልሎለታል።

ከመለጠፉ በፊት የድርጅቱን ስም በእጅ ሸፍኖ ጽሑፉን ማንበብ ይጠቅማል። ሌላ የትኛውም ድርጅት ሊለጥፈው የሚችል ከሆነ ምስጋናው ገና ባለቤቶቹን አላገኘም። ገንዘብ ተቀባይዋ አንብባው «ይቺ እኔ ነኝ» ካለች ግን ሊለጠፍ ይችላል።