የ«ስ» እና የ«ሲ» ነገር

«ጋሼ፣ ይቺን ደብዳቤ አንዴ ያዩልኛል?» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ ነው። የፊደል ስህተት የለበትም፤ ግሦቹም ጊዜያቸውን ጠብቀዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ሳቅ አመለጠኝ። «ዋይል ወርኪንግ ኢን ኤ ዌርሃውስ፣ ማይ ኢንግሊሽ ኢምፕሩቭድ» ይላል።

«ምኑ ነው ያሳቀዎት? መጋዘን ስሠራ እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ ማለቴ እኮ ነው» አለኝ ቅር ብሎት።

«አንተ ያሰብከው እሱን ነው። ወረቀቱ ግን ‹መጋዘን ሲሠራ እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ› ነው የሚለው። ዕቃ ተሸካሚው እንግሊዝኛህ ሆነልህ።»

ልጁ «ስሠራ» ብሎ አስቦ «ሲሠራ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፈ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ስህተት «ዳንግሊንግ ሞዲፋየር» ይሉታል፤ ተንጠልጣይ ገላጭ እንበለው። ተንጠልጣይ የተባለው ድርጊቱን የሚገልጸው ሐረግ የራሱን ባለቤት አጥቶ በአየር ላይ ስለሚቀር ነው።

እኛ በዚህ ስህተት በቀላሉ የምንወድቀው እንግሊዝኛ ስላልተማርን ብቻ አይደለም፤ አማርኛችን ስላመቻቸንም ነው። አማርኛ ግሡ ላይ ባለቤቱን ይለጥፋል። «ስሠራ» ሲባል እኔ፣ «ሲሠራ» ሲባል እሱ፣ «ሲሠሩ» ሲባል እነሱ መሆናቸው ያለ ተጨማሪ ቃል ይታወቃል። ስለዚህ «ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ጀመረ» ብንል ዝናቡ እግር አውጥቶ ሄደ ብሎ የሚስቅብን የለም። «ስ» የምትለዋ ፊደል ሄያጁን ነግራ ጨርሳለች።

እንግሊዝኛው «ወርኪንግ» ግን ባዶውን ነው። እኔም ልሁን፣ እሷም ትሁን፣ እነሱም ይሁኑ ቃሉ አይለወጥም። አንባቢው ሠሪውን ማወቅ ስላለበት ከነጠላ ሠረዙ በኋላ የሚመጣውን የዋናውን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይጠብቅና ሥራውን ለእሱ ያሸክመዋል። በልጁ ደብዳቤ ላይ ከነጠላ ሠረዙ ቀጥሎ የተገኘው «ማይ ኢንግሊሽ» ነው። ሸክሙም እሱ ላይ ወደቀ።

ስህተቱን ለመያዝ የሚያስፈልገው መሣሪያ እንግዲህ እዚሁ አማርኛችን ውስጥ አለ። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ይመልሱት፤ ነገር ግን ያሰቡትን ሳይሆን የተጻፈውን ይመልሱ። ከነጠላ ሠረዙ በኋላ ያለውን ባለቤት ይፈልጉ፤ ከዚያ የፊተኛውን ግሥ ለእሱ ያስማሙት። ባለቤቱ «አይ» ከሆነ «ስ»፣ «ማይ ኢንግሊሽ» ከሆነ «ሲ» ይሆናል። አማርኛው ካሳቀዎት እንግሊዝኛውም አንባቢውን ያስቀዋል።

ልጁ ነገሩ ሲገባው ቶሎ ብሎ ሐረጉን ወደ ኋላ ወሰደው፤ «ማይ ኢንግሊሽ ኢምፕሩቭድ ዋይል ወርኪንግ ኢን ኤ ዌርሃውስ» ብሎ አሳየኝ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንኑ ነው። አይፈውስም። ባለቤቱ አሁንም እንግሊዝኛው ስለሆነ መጋዘን የሚሠራው ያው እሱ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ለተንጠለጠለው ግሥ የራሱን ባለቤት መስጠት ነው፤ «ዋይል አይ ዎዝ ወርኪንግ ኢን ኤ ዌርሃውስ፣ ማይ ኢንግሊሽ ኢምፕሩቭድ»። ሁለተኛው ትክክለኛውን ሠሪ ከነጠላ ሠረዙ ቀጥሎ ማስቀመጥ ነው፤ «ዋይል ወርኪንግ ኢን ኤ ዌርሃውስ፣ አይ ኢምፕሩቭድ ማይ ኢንግሊሽ»። ለሥራ ማመልከቻ ሁለተኛውን መርጠናል። እንግሊዝኛው በራሱ ከሚሻሻል አመልካቹ ቢያሻሽለው ይሻላል።

የሚያስቀው ስህተት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አንባቢው ስቆ የታሰበውን ይረዳል። የሚያስፈራው የማያስቀው ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ስለ ስርቆት ሪፖርት ሲያቀርብ «ዋይል ካውንቲንግ ዘ ቦክስስ፣ ዘ ጋርድ ሶው ዘ ቲፍ» ብሎ ጻፈ እንበል። ልቡ ያሰበው «ካርቶኖቹን ስቆጥር ዘበኛው ሌባውን አየ» ነው። ወረቀቱ የሚለው «ካርቶኖቹን ሲቆጥር» ነው። ዘበኛ ካርቶን መቁጠር ስለሚችል ማንም አይስቅም፤ ማንም አይጠረጥርምም። ነገ ቆጠራው ጎደለ ቢባል ተጠያቂው ዘበኛው ይሆናል።

የዚህ ስህተት የቅርብ ዘመድ «ሚስፕሌስድ ሞዲፋየር»፣ ማለትም ቦታውን የሳተ ገላጭ ነው። እዚህኛው ላይ ባለቤቱ አልጠፋም፤ ገላጩ ከማይመለከተው ቃል አጠገብ ተቀመጠ እንጂ። «ሺ ሰርቭድ ኮፊ ቱ ዘ ጌስትስ ኢን ስሞል ካፕስ» የሚለውን ያስቡ። ሴትዮዋ ቡናውን በትንንሽ ስኒ አቀረበች ለማለት ነው። «ኢን ስሞል ካፕስ» ግን ከእንግዶቹ ጎን ስለተጠጋ ስኒ ውስጥ የተቀመጡት እንግዶቹ መሰሉ። «ሺ ሰርቭድ ዘ ጌስትስ ኮፊ ኢን ስሞል ካፕስ» ብንል ስኒው ወደ ቡናው ይመለሳል። ገላጭ ጎረቤቱን ይገልጻል፤ ስለዚህ ጎረቤቱን መምረጥ የጸሐፊው ሥራ ነው።

አሜሪካዊው ቀልደኛ ግራውቾ ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣው «አኒማል ክራከርስ» በተባለ ፊልም ይህንኑ ክፍተት ሆን ብሎ ለሳቅ ተጠቅሞበታል። አንድ ቀን ማለዳ በፒጃማው ዝሆን እንደተኮሰ ይናገራል፤ ቀጥሎ ዝሆኑ እንዴት ፒጃማው ውስጥ እንደገባ እንደማያውቅ ያክላል። እንግሊዝኛው ፒጃማውን የለበሰው ማን እንደሆነ ስለማይለይ ቀልዱ ይሠራል። ይህን ወደ አማርኛ ለማምጣት የሞከረ ተርጓሚ ወዲያው ይቸገራል። «ፒጃማዬን ለብሼ» ካለ ለባሹ ተኳሹ ነው፤ «ፒጃማዬን የለበሰ» ካለ ለባሹ ዝሆኑ ነው። አማርኛችን ምስጢሩን ቀድሞ ስለሚያወጣ ቀልዱ ይከሽፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ሕጉ እንደ ብረት የጸና አይደለም። እንግሊዞቹም ራሳቸው ጥንትም ዛሬም ይስታሉ። በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ አትክልት ቦታ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እባብ ነደፈው ተብሎ መወራቱን ሲናገር፣ በሰዋስው መንገድ ከተመዘነ የተኛው እባቡ ነው። «ከንሲደሪንግ» እና «ጀነራሊ ስፒኪንግ» የመሳሰሉ አነጋገሮች ደግሞ እንደ መስተዋድድና እንደ ተውሳከ ግሥ ስለሚቆጠሩ ባለቤት አይጠየቁም። የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው ሄንሪ ፋውለርም ጸሐፊዎችን ከዚህ ስህተት እያስጠነቀቀ፣ እንዲህ ዓይነቶቹን ግን ለይቶ ፈቅዷል።

ማመልከቻ፣ ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት ቃል ወይም የቪዛ ደብዳቤ ሲጽፉ ግን አንባቢው ልብዎን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያየው። ስለዚህ በ«አይ ኤን ጂ» ያለቀ ቃል ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት ካዩ ቆም ይበሉና ከነጠላ ሠረዙ ማዶ ያለውን ባለቤት ጠርተው «ሠሪው አንተ ነህን?» ብለው ይጠይቁት።