የበዓል ማታ ፎቶና የሚያበሩ ዓይኖች

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦው ሲለኮስ ቤተሰቡ ደጅ ላይ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ሲታይ የልጁ ዓይኖች ቀልተዋል፤ እግሩ ሥር የተቀመጠው ውሻ ዓይኖች ደግሞ አረንጓዴ ያበራሉ።

በጨለማ የዓይን ብሌን በሰፊው ይከፈታል። የፍላሹ ብርሃን በዚያ ገብቶ ከዓይኑ ጀርባ፣ ደም ሥር ከበዛበት ክፍል፣ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ፍላሹ ለሌንሱ ቅርብ በሆነ መጠን ቅላቱ ይብሳል። በውሻና በድመት ዓይን ጀርባ ግን እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ ብርሃኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሆኖ ይታያል።

ቅላት ማጥፊያው መሣሪያ ለልጁ ሠርቶ ለውሻው እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው፤ የሚፈልገው ቀይ ቀለም ብቻ ነው።

የልጁን ብሌን ቀለሙን አጥፍቶ ማጥቆር ይበቃል። የውሻው ብሌን ግን ብርሃን ስለዋጠው ቀለሙ ቢጠፋ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶው በትልቁ ይከፈትና ብሌኑ ብቻ ጠርዙ በለሰለሰ ብሩሽ ጥቁር ይቀባል፤ በዙሪያው ያለው ባለቀለም ክፍል አይነካም። ከዚያ ትንሽ ነጭ ነጥብ በሁለቱም ዓይኖች በአንድ በኩል ትቀመጣለች፤ ያለ እሷ ዓይኑ ባዶ ጉድጓድ ይመስላል። Lightroom Classic ውስጥ Pet Eye የሚለው ምርጫ ይህንኑ ይሠራል፤ ነጥቧን የሚጨምረው Add Catchlight ነው።

ለሚቀጥለው በዓል ፍላሹን ከካሜራው ማራቅ ወይም ወደ ጣሪያ ማዞር ይህን ሁሉ ሥራ ያስቀራል።